የቅልቅል ቀመሮችን በፒኤልሲ ሜሞሪ ሳስቀምጥ፦ ግማሽ ቀን የበላችኝ ዜሮ

ማሽኑ ቀላል ነው። አንድ ታንክ፣ አንድ መቀላቀያ ሞተር፣ አራት ቫልቮች፣ ከታንኩ እግር ስር ደግሞ ክብደት የሚለኩ ሎድሴሎች። ፈሳሽ በየተራ ይገባል፣ ክብደቱ የተባለው ላይ ሲደርስ ቫልቩ ይዘጋል፣ ቀጣዩ ይከፈታል። ያስቸገረኝ ማሽኑ ሳይሆን የምርቱ ብዛት ነበር። 14 ዓይነት ቅልቅል፣ ለእያንዳንዱ ሰባት ቁጥር።

የመጀመሪያውን ፕሮግራም የጻፍኩት ጀማሪ ሁሉ በሚጽፍበት መንገድ ነው። ኦፕሬተሩ 1 ከመረጠ እነዚህን ሰባት ቁጥሮች በ`MOV` ትእዛዝ ገልብጥ፣ 2 ከመረጠ እነዚያን። 14 በ7 ሲባዛ 98 `MOV` ይሆናል። ይሠራል፤ ችግሩ አንድ ሰው መጥቶ «የአምስተኛውን ውሃ በሁለት ኪሎ ቀንስልኝ» ሲል ነው። ላፕቶፕ ይዤ፣ ኬብል ሰክቼ፣ ከ98 መስመር ውስጥ አንዷን ፈልጌ መቀየር ነበረብኝ። በሦስተኛው ጥያቄ በቃኝ፤ ቁጥሮቹን ከፕሮግራሙ አውጥቼ በሠንጠረዥ ላስቀምጣቸው ወሰንኩ።

ማሽኑን የሚያዝዘው ኮንትሮለር፣ ማለትም ፒኤልሲው፣ የሚትሱቢሺ `FX3U` ነው። እዚያ ላይ አሬይ ማለት ተከታታይ የ`D` ሬጅስተሮች፣ አንዳንድ ቁጥር የሚይዙ የሜሞሪ ቦታዎች፣ ናቸው፤ ትርጉም የምትሰጣቸው አንተ ነህ። ለእያንዳንዱ ቀመር አሥር ሬጅስተር መደብኩ። የመጀመሪያው የቀመሩ ራሱ ቁጥር ነው። ቀጥሎ ውሃ፣ ሁለት ፈሳሾች፣ ማወፈሪያ፣ የሞተር ፍጥነት፣ የመቀላቀያ ሰከንድ፣ የማረጋጊያ ሰከንድ። የቀሩት ሁለቱ ለወደፊት። ክብደቱን በአሥር አባዝቼ አስቀመጥኩ፤ 180.0 ኪሎ ማለት 1800 ነው። አስርዮሽ ቁጥር ውስጥ ሳልገባ የመቶ ግራም ልክ አገኘሁ። ሰባት ቁጥር ይዞ አሥር ቦታ መያዝ ብክነት ይመስላል፤ ግን ስምንተኛው ቁጥር መምጣቱ አይቀርም። ደግሞም በአሥር ማባዛት በጭንቅላት ይሠራል። ሬጅስተሮቹን በስክሪን ስታይ የቀመሩ ቁጥር ከአድራሻው ላይ ይነበባል።

በተዘዋዋሪ አድራሻ መጥራት የሚባለው እዚህ ጋ ይገባል። `D1000Z0` ብለህ ስትጽፍ ኮንትሮለሩ ኢንዴክስ በሚባለው `Z0` ውስጥ ያለውን ቁጥር 1000 ላይ ደምሮ የተገኘውን ሬጅስተር ይወስዳል። `Z0` 60 ከሆነ `D1060` ነው፤ ያ ደግሞ የሰባተኛው ቀመር መጀመሪያ ነው። ከቀመሩ ቁጥር ላይ አንድ ቀንስ፣ በአሥር አባዛ፣ አለቀ። 98ቱ መስመሮች ወደ አምስት ወረዱ።

ሠንጠረዡ ግን መጀመሪያ የተቀመጠው 1000 ላይ አልነበረም። `D100` ባዶ ስላየሁት ከዚያ ጀመርኩ። ሁሉንም ቀመር አስገብቼ፣ ፈትሼ፣ ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ሄድኩ። ጠዋት ማሽኑን ሲያበሩት ከ1 እስከ 10 ያሉት ቀመሮች ዜሮ ሆነዋል። ከ11 እስከ 14 ያሉት ግን ምንም አልሆኑም። ባትሪው ሞቶ ቢሆን ሁሉም በጠፋ ነበር። አሥረኛው ቀመር የሚያልቀው `D199` ላይ፣ አሥራ አንደኛው የሚጀምረው `D200` ላይ መሆኑን ሳይ ገባኝ። በዚህ ኮንትሮለር ላይ ምንም ካልቀየርክ በስተቀር ከ`D0` እስከ `D199` ያሉት መብራት ሲጠፋ ይጸዳሉ። ከ`D200` ወዲያ ያሉት በባትሪ ይጠበቃሉ። ሠንጠረዡን ወደ `D1000` አዛወርኩት፤ ለ30 ቀመር ቦታ ያዝኩና `D1299` ላይ አለቀ።

ቀጥሎ የመጣው ስህተት ውድ ነበር። የቫልቮቹ ማወዳደሪያ ሁሉ በቀጥታ ከሠንጠረዡ ያነብ ነበር፦ ክብደቱ `D1001Z0` ላይ ካለው ቁጥር ሲደርስ ውሃውን ዝጋ። `Z0` ደግሞ በየስካኑ፣ ፕሮግራሙ አንድ ዙር በሮጠ ቁጥር፣ ከስክሪኑ ላይ ካለው የቀመር ቁጥር ይሰላ ነበር። አንድ ቀን ኦፕሬተሩ ሰባተኛውን ቀመር አስጀመረ። ውሃው እየገባ ሳለ «ለነገ ስምንተኛውን ልየው» ብሎ ቁጥሩን ቀየረ። ታንኩ 172 ኪሎ ላይ ነበር፤ 180 ላይ መቆም ነበረበት። የስምንተኛው ውሃ ግን 240 ኪሎ ነው። «ኧረ ና እይ፣ ውሃው አልቆም አለኝ!» ሲል ሮጬ ደረስኩ፤ ግን 60 ኪሎ ትርፍ ውሃ ገብቷል። ቫልቩ አልተበላሸም፣ ሎድሴሉም አልዋሸም። ኮንትሮለሩ ያዘዝኩትን በትክክል ፈጽሟል። ኦፕሬተሩን ቁጥር ስለቀየረ ማንም ሊወቅሰው አይችልም፤ ሳይቀይሩ ማየት የማይቻልበት ስክሪን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ሠንጠረዡን ፈጽሞ አያነብም። ቀመሩ ሲጫን አሥሩም ሬጅስተር በአንድ ጊዜ ወደ `D500` ይገለበጣል፤ ማሽኑ የሚሠራው በዚያ ቅጂ ነው። ሠንጠረዡን መደርደሪያ፣ `D500`ን ጠረጴዛ በለው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የምትቀይረው ባች፣ አንድ ዙር ቅልቅል፣ ሳይሮጥ ብቻ ነው። `D500`ን የመረጥኩትም ከ200 በላይ ስለሆነ ነው። መብራት በመሀል ቢጠፋ ታንኩ ውስጥ ያለው ምን እንደነበር አይረሳም።

ቅጂው ካለ ማስቀመጥም ቀላል ሆነ፦ ኦፕሬተሩ `D500` ላይ ያለውን ያስተካክላል፣ «አስቀምጥ» ሲል ያው መንገድ ወደ ኋላ ይሄዳል። ላፕቶፔን ገላገለኝ ብዬ ነበር።

አንድ ሳምንት ሳይሞላ ክብደቱ አበደ። ባዶ ታንክ ላይ ስክሪኑ የማይሆን ቁጥር ያሳያል። ኬብሉን ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ መገናኛ ሳጥኑን ከፈትኩ፣ እርጥበት ፈለግሁ። ግማሽ ቀን ሄደ። በመጨረሻ ክብደቱን የሚያስተካክሉትን ቁጥሮች ከፈትኩ፤ ዜሮው `D990`፣ ማባዣው `D991` ላይ ነው። `D990` ውስጥ 7 አለ። `D991` ውስጥ 1800።

1800! የሰባተኛው ቀመር ውሃ። ቀመሩ የሎድሴሉ ማስተካከያ ላይ ተጽፏል።

እንዴት ሄደ? የቀመር ቁጥሩ የሚቀመጠው `D10` ውስጥ ነው፤ `D10` ደግሞ መብራት ሲጠፋ ከሚጸዱት ነው። የዚያን ቀን መብራት ጠፍቶ ተመልሶ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰባተኛ ቀመር በባትሪ ስለተጠበቀ ስክሪኑ ላይ ልክ ይመስላል። ኦፕሬተሩ አንድ ቁጥር አስተካከለና «አስቀምጥ»ን ነካ። ዜሮ ሲቀነስ አንድ፣ ሲባዛ አሥር፦ ከዜሮ በታች አሥር። `D1000` ላይ ሲደመር `D990`። ኮንትሮለሩ ምንም ማስጠንቀቂያ አልሰጠም፤ ለእሱ `D990`ም እንደ ሌላው ሕጋዊ ሬጅስተር ነው።

ከዚህ ሁሉ ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። `D990` ላይ ማን እንደሚጽፍ ለማወቅ በፕሮግራሙ ውስጥ አድራሻውን ፈልጌ ነበር። የወጣልኝ የማስተካከያ ገጹ ብቻ ነው። `D1000Z0` የሚለው መስመር በፍለጋው `D1000` ተብሎ እንጂ `D990` ተብሎ አይወጣም። በቀጥታ ስትጽፍ ፕሮግራሙ ራሱ ምስክር ይሆንልሃል፤ በተዘዋዋሪ ስትጽፍ ምስክር የለህም። ስለዚህ አሁን ኢንዴክስ ያለበትን መስመር በሁለት ቦታ ብቻ ነው የምፈቅደው፤ አንድ መጫኛ፣ አንድ ማስቀመጫ። `Z0`ንም ሌላ ቦታ አልነካውም። መጫኛው ይኸው፦

```
LDP   M10
AND>= D10 K1
AND<= D10 K30
ANI   M20
SUB   D10 K1 D11
MUL   D11 K10 D12
MOV   D12 Z0
BMOV  D1000Z0 D500 K10
```

`M10` የ«ጫን» ቁልፍ ነው፤ `LDP` ስለሆነ ቁልፉ በተነካበት ቅጽበት አንዴ ብቻ ይሠራል። `M20` ባች እየሮጠ ነው የሚል ምልክት ነው፤ ያ ካለ መጫን የለም። `BMOV` አሥሩን ሬጅስተር በአንድ ጊዜ የሚገለብጠው ነው። ቁጥሩ ከ1 እስከ 30 ካልሆነ ከታች ያለው ሁሉ አይነካም። አንዲት ወጥመድ አለች፦ `MUL` ውጤቱን በሁለት ሬጅስተር ነው የሚያስቀምጠው። `D12` ብለህ ብትጽፍም `D13`ም ይያዛል፤ እዚያ ሌላ ነገር ካለህ ይጠፋል።

የስክሪኑ ቁጥር ማስገቢያ ላይም ገደብ ማድረግ ይቻላል፤ አድርጌያለሁ። ግን ያ ከመብራቱ ዜሮ አያድንም፤ ያቺን ዜሮ ማንም አልጻፋትም።

ማስቀመጫው ላይ አንድ ተጨማሪ ጥበቃ አለ። `BMOV`ው ተገላቢጦሽ ነው፤ ከላዩ ግን `AND= D10 D500` ጨመርኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ቀመር «እኔ 7 ነኝ» ካለ የሚገባው ሰባተኛው ቦታ ብቻ ነው። በሌላ ቁጥር አዲስ ቀመር የሚፈልግ ሰው የቀመሩን ቁጥር ራሱን አስቦበት መቀየር አለበት። ኦፕሬተሮቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ። በመጫን ጊዜም ያው ንጽጽር ይሠራል፤ ቁጥሮቹ ካልተስማሙ ቦታው ባዶ ነው ወይም ተበላሽቷል፣ «ጀምር» የሚለው ቁልፍ አይሠራም።

የ`D` ሬጅስተር ሳይሆን ስም ያለው አሬይ በሚፈቅዱ ኮንትሮለሮች ላይ ይሄ ሁሉ `Work := Recipe[n];` ነው፤ ለማንበብም በጣም ያምራል። ግን `n` ከአሬይው ሲያልፍ የሚሆነው ከኮንትሮለር ኮንትሮለር ይለያያል፤ አንዳንዱ ስህተት አውጥቶ ማሽኑን ቀጥ ያደርገዋል። ዝም ብሎ ከሚያልፈውና ቀጥ ከሚያደርገው ቢያስመርጡኝ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ገደቡን ግን እዚያም ራሴ ነው የምጽፈው።

ለመፈተሽ እውነተኛ ቀመር አልጠቀምም። ለዚያ ሰዓት ብቻ የቁጥር ማነጻጸሪያዎቹን አነሳና እያንዳንዱን ሬጅስተር በቀመሩ ቁጥርና ከዜሮ በሚቆጠር ቦታው እሞላዋለሁ፤ የሰባተኛው ቀመር አራተኛ ቦታ 703፣ የመጨረሻው 709። ከዚያ ከ1 እስከ 30 እየጫንኩ ከ`D500` እስከ `D509` ያሉትን አያለሁ። 7 ጭኜ 603 ካየሁ ቅነሳው ተሳስቷል፤ 704 በ703 ቦታ ከመጣ አንድ ተንሸራቷል። በመጀመሪያው ሙከራ ሁሉም ልክ ነበር፤ `D509` ብቻ ስንት ቀመር ብጭን ዜሮ እንዳለ ቀረ። `K10` ማለት ሲገባኝ `K9` ጽፌ ነበር።