አረንጓዴ ሆኖ የቆመው ኤሌቬተር

ጥር ላይ ነው። ጅማ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የጀንፈል ቡና መቀሸሪያ የሄድኩት ለሌላ ሥራ ነበር። የመቆጣጠሪያ ስክሪኑን ከዓመት በፊት የሠራሁት ግን እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ወለል የሚጠርጉት እትዬ መጥረጊያቸውን ይዘው ቀጥ አሉና «ጎማ ይሸታል» አሉ። ኦፕሬተሩ ጋሼ ወደ ስክሪኑ ዞሩ። ቡናውን በባልዲ ወደ ላይ የሚያወጣው አንደኛው ኤሌቬተር አረንጓዴ ነው። ሥዕሉ ላይ ባልዲዎቹ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። «ይኸው ይሠራል» አሉ። እኔም አየሁ፤ ይሠራል።

አይሠራም ነበር። ሞተሩ ይዞራል፣ ቺንጋው ግን ቆሟል። የላይኛው ፑሌጃ የቆመውን ቺንጋ እየፈተገ ጎማውን አቃጥሎታል። የኤሌቬተሩ ግርጌ በጀንፈል ተጠቅጥቋል፤ ከኋላ ያለው መጋቢ ደግሞ ማፍሰሱን አላቆመም። እስኪመሽ ድረስ በአካፋ አወጣን። አዲስ ቺንጋ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ 2 ቀን መስመሩ ቆመ።

የተወቀሱት ጋሼ ናቸው። «ስክሪኑ ፊት ተቀምጠው እንዴት አላዩም?» ተባሉ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። እሳቸው ያዩት እኔ ያሳየኋቸውን ነው።

ማታ ፕሮግራሙን ከፈትኩት። አረንጓዴውን ያያያዝኩት ሞተሩን «ተነሳ» ከሚለው ትዕዛዝ ጋር ነበር። ስክሪኑ የሚናገረው የታዘዘውን እንጂ የሆነውን አልነበረም። የሚያሳዝነው፣ እውነቱን የሚያውቅ ሴንሰር እዚያው ነበረ። የታችኛው ፑሌጃ ላይ ተገጥሞ ዙር ይቆጥራል። በደህናው ጊዜ በደቂቃ 70 ዙር ነው፤ ያን ቀን ዜሮ ገብቷል። ቁጥሩ ግን ያለው ሦስት ጊዜ ተነክቶ በሚደረስበት ገጽ ላይ፣ ከ40 ሌሎች ቁጥሮች መሃል ነው። የሞተሩ አምፔርም ቺንጋው ከመንሸራተቱ በፊት ከ7 ወደ 10 ወጥቶ ነበር። የሞተር መከላከያው 11.5 ላይ ስለተስተካከለ ዝም አለ።

ቀዩም አላገዘም። የቆመ ማሽን ሁሉ ቀይ እንዲሆን አድርጌ ነበር። ሁለተኛው መስመር ያን ቀን ቡና ስላልነበረው 9 ማሽኖቹ ከጠዋት ጀምሮ ቀይ ናቸው። ቀኑን ሙሉ 9 ቀይ ያየ ሰው አሥረኛው ቢጨመር ምኑ ይደነግጣል? መቆም ደግሞ ብልሽት አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ የ«ይሠራል»ን ትርጉም ቀየርኩ፤ የሞተሩ ማብሪያ ተይዞ የታችኛው ፑሌጃም በደቂቃ ከ56 ዙር በላይ ሲዞር ብቻ ነው።

```
Elev1_Running := Elev1_Contactor AND (Elev1_TailRPM > 56.0);
```

56 የ70 ሰማንያ በመቶ ነው። ሲነሳ ፍጥነት እስኪይዝ 5 ሰከንድ ይታገሠዋል። ከዚያ ካልደረሰ «ታዟል፣ አልዞረም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። መጋቢውን የሚያቆመው ግን ስክሪኑ አይደለም። እሱን ማሽኖቹን በሚያዘው ኮምፒውተር፣ በፒኤልሲው ውስጥ ለብቻው አስገባሁት፤ የሰው ዓይን እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም።

ቀጥሎ ቀለሙን አነሳሁ። ጀርባው ፈዛዛ ግራጫ ሆነ። የሚሠራው ነጣ ያለ፣ የቆመው ጠቆር ያለ ግራጫ ነው፤ አጠገባቸው «ይሠራል»፣ «ቆሟል» ተብሎ ተጽፏል። የሚዞሩትን ባልዲዎች አጠፋሁ። ቀይና ቢጫ ለማስጠንቀቂያ ብቻ ቀሩ። አምፔሩን በቁጥር ብቻ ከመተው ጤነኛው ክልል የተሰመረበት ዘንግ አደረግኩት፤ ከክልሉ ሲወጣ ሳያነቡ ያዩታል።

ባለቤቱ «ስክሪኑ የሞተ ይመስላል» አሉ። ገባኝ፤ ለእንግዳ የሚያምረው የድሮው ነበር። አልተከራከርኩም። ሁለቱንም ስክሪን በወረቀት አትሜ ፎቶ ኮፒ ቤት በጥቁርና ነጭ አስባዛሁና ጋሼ ፊት ዘረጋሁ። «የቱ ነው የቆመው?» አልኳቸው። የድሮው ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነባቸው። አዲሱ ላይ ጣታቸው ሳያመነታ ሄደ። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው ፈረቃ ቢገባም አዲሱ ላይ የቆመውን ይለያል።

የገጾቹን መንገድ ያስተካከሉልኝ ራሳቸው ጋሼ ናቸው። እኔ ገጾቹን በማሽን ዓይነት ነበር የከፋፈልኳቸው፤ ሞተሮች ለብቻ፣ ሴንሰሮች ለብቻ። «ልጄ፣ ቡናው እንደሚሄድበት አድርገው» አሉኝ። አሁን ከግርጌ 5 ቁልፎች አሉ፤ መቀበያ፣ ማጽጃ፣ መቀሸሪያ፣ መለያ፣ መጋዘን። የትኛውም ገጽ ላይ ቦታቸው አይቀየርም። ማስጠንቀቂያ ከላይ በአንድ መስመር ይመጣል፤ ሲነኩት ማሽኑ ያለበትን ገጽ ይከፍታል።

የካቲት መጨረሻ ላይ ጋሼ ደወሉልኝ። ግራጫው መሃል አንዲት ቢጫ መጥታ «ኤሌቬተር 1፣ ፍጥነት ቀንሷል» አለቻቸው። መጋቢውን ዘግተው ሄዱ። ግርጌው ውስጥ የጆንያ ገመድ ፑሌጃው ላይ ተጠምጥሞ አገኙ። በቢላ ቆርጠው አወጡትና ከሩብ ሰዓት በኋላ መልሰው አስነሱት። ገመዱን አልጣሉትም፤ ፓነሉ እጀታ ላይ አስረውታል።