«ካሜራችሁ ደብዛዛ ነው»

ኅዳር ላይ ጣና ዳር ላለ አንድ ሎጅ የአንድ ደቂቃ ማስታወቂያ ሠርተን ነበር። ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ ተቀብለናል፣ ግማሹ ሥራው ሲወጣ ነው። ሥራው ፌስቡክ ላይ በወጣ ማግስት ባለቤቱ ደወሉ። ባሕር ዳር ውስጥ ሰላምታ ሳይሰጥ ወደ ጉዳይ የሚገባ ሰው ብርቅ ነው፤ እሳቸው ግን ገቡ።

«ካሜራችሁ ደብዛዛ ነው። ቀሪውን ብር እርሱት።»

ላፕቶፑንና የስቱዲዮውን ቅጂ ይዤ ሄድኩ። የሎጁን የፌስቡክ ገጽ የምታስተዳድረው የወንድማቸው ልጅ ናት። ስልኳን አውጥታ ቪዲዮውን አሳየችኝ። እውነትም አስቀያሚ ነበር። ታንኳው ላይ የቆመው ቀዛፊ ፊቱ የተላጠ ድንች መስሏል፣ ሰማዩ ላይ ካሬ ካሬ ነገር ይርመሰመሳል፣ የሎጁ ስም የተጻፈበት ቀይ ፊደል ጠርዙ ቀልጦ ውሃው ውስጥ ገብቷል።

ከዚያ የኛን ቅጂ ከፈትኩላቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «ይሄ ሌላ ነው» አሉ።

«ያው ነው ጋሼ።»

«ያው ከሆነ ለምን ይሄኛውን አልሰጣችሁንም?»

ሰጥተናል። በፍላሽ ሰጥተናል፣ እንግዳ መቀበያው መሳቢያ ውስጥ ከክፍል ቁልፎች ጋር ተቀምጧል፣ ማንም አልነካውም። ልጅቷን የጫነችውን ፋይል እንድታሳየኝ ጠየቅኋት። ስሙን ሳየው ነገሩ ገባኝ፦ VID-20241116-WA0007.mp4። አንድሮይድ ስልክ ላይ ዋትስአፕ ለተቀበለው ቪዲዮ የሚያወጣለት ስም ነው። መሀሉ ላይ WA ያለበትን ፋይል ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ካጋጠማችሁ ገና ሳትከፍቱት ምን እንደደረሰበት ታውቃላችሁ። ለማንኛውም ወደ ላፕቶፑ ገልብጬ ጠየቅሁት፦

```
ffprobe -v error -select_streams v:0 -show_entries stream=width,height,bit_rate -of default=nw=1 VID-20241116-WA0007.mp4
```

መልሱ 848 በ480 ፒክስል ነበር። የኛ 1920 በ1080 ነው። የኛ ፋይል በሰከንድ 12 ሜጋቢት ስለያዘ የአንድ ደቂቃው ክብደት 90 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ የሷ ሰባት ሜጋባይት አይሞላም። ከአሥራ ሦስት እጅ አሥራ ሁለቱ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

መንገዱን ወደ ኋላ ተከተልነው። እኛ ጋሼ አይተው እንዲያጸድቁት ብለን በቴሌግራም ልከንላቸዋል፣ «ለማየት ብቻ» የሚል ጽሑፍ ጭምር አለው። ስንልከው እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ቪዲዮ ስለነበር እዚያ አንዴ ተጨመቀ። ጋሼ ስልካቸው ላይ አስቀምጠው ለልጅቷ በዋትስአፕ ላኩላት፣ ሁለተኛ ተጨመቀ። እሷ ፌስቡክ ላይ ጫነችው፣ ሦስተኛ።

«ጋሼ፣ እኛ የላክነው አቦሉን ነው» አልኳቸው። «ቴሌግራም ቶና አደረገው፣ ዋትስአፕ በረካ አደረገው። ፌስቡክ ላይ የወጣው ከበረካው ቀጥሎ ያለው ነው።»

ትንሽ አሰቡና «በረካም ቢሆን ቡና ቡና ይላል» አሉ። «ይሄ ውሃ ነው።»

ይቺን መልስ እስካሁን አልረሳኋትም፣ ምክንያቱም ከኔ ማብራሪያ ይልቅ እሷ ልክ ናት። እያንዳንዱ ጨመቃ የሚጥለው ዝርዝር ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። ያለፈው ጨመቃ የፈጠራቸውን ካሬዎችና ጭረቶች ቀጣዩ እንደ እውነተኛ ሥዕል ይቆጥራቸውና እነሱን ለማስቀመጥ ቢቱን ያባክናል። ለቀዛፊው ፊት የሚሆነው ለዚያ ቆሻሻ ይውላል።

ልጅቷ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ «ታዲያ ፌስቡክ ለምን እንዳለ አይተወውም?» በኛ ሙያ ውስጥ ያሉ ብዙ ሰዎች ይህን ጥያቄ በትክክል አይመልሱም። ስም አልጠራም፣ እዚሁ ከተማ ለደንበኞቹ «መጀመሪያ ራሳችሁ በደንብ ጨምቁት፣ ያኔ ፌስቡክ አይነካውም» እያለ የሚያስተምር ባልደረባ አለን። ይነካዋል። ቪዲዮ ምንም ቢሆን ይነካል። እነዚህ መድረኮች ቪዲዮውን ማን በምን ስልክ፣ በምን ኔትወርክ እንደሚያየው ስለማያውቁ ከተጫነው ፋይል ብዙ መጠን ያላቸው ቅጂዎች ያዘጋጃሉ፣ ከትልቁ እስከ 240 ወይም 360 ድረስ፤ እያንዳንዱንም ጥቂት ሰከንድ ወደሚረዝሙ ቁርጥራጮች ይከፋፍሉታል። ኔትወርኩ ሲደክም ስልኩ ሳይቆም ወደ ትንሹ ቅጂ የሚዘለው በዚህ ነው። ይህን ለማድረግ ሁሉንም አዲስ መጭመቅ ግድ ነው። ስለዚህ ቀድማችሁ አሳንሳችሁ መስጠት ከጨመቃ አያድንም፤ አንድ ተጨማሪ ጨመቃ መቀበል ነው። ለነሱ የሚሰጠው የቻለውን ያህል ንጹሕና ወፍራም ፋይል ነው።

ፎቶ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል፣ ምናልባት ባልደረባችንን ያደናገረው እሱ ይሆናል። ኢንስታግራም ስፋቱ ከ1080 ፒክስል የበለጠውን ፎቶ ራሱ ያሳንሰዋል፣ ስለዚህ በ1080 አዘጋጅቶ፣ አሳንሶ ካበቃ በኋላ ትንሽ አሹሎ መስጠት ይጠቅማል፤ የማሳነሱን ሥራ እሱ ሳይሆን እኛ እንሠራዋለን። ለፌስቡክ 2048 ነው። ግን ይህ ስለ ልክ እንጂ ስለ ጨመቃ አይደለም።

ጋሼ ወደ ብሩ ጉዳይ ከመግባታቸው በፊት ትክክለኛው ፋይል ይጫንና ይታይ አሉ። ከፍላሹ አውጥተን፣ ልጅቷ ብቻ በምታየው ልጥፍ ጫነችው። ፍላሹ ላይ የነበረው እኔ የምኮራበት ፋይል ነው። በጣም ተሻሻለ። ታንኳው ጠራ፣ ደንገሉ ክር ክሩ ታየ። የመጨረሻዎቹ አሥር ሰከንዶች ግን አሁንም ፈረሱ፦ ፀሐይ ስትጠልቅ ውሃው ላይ የሚብለጨለጨው ብርሃንና ከሱ በላይ ያለው የሎጁ ስም።

«ይሄስ የማን በረካ ነው?» አሉ ጋሼ።

ይሄ የጣና ነው። ቪዲዮውን የሚጨምቀው ፕሮግራም፣ ኮዴክ፣ እያንዳንዱን ፍሬም ሙሉ በሙሉ አያስቀምጥም። አንዱን ሙሉ ያስቀምጥና ለቀጣዮቹ «ይህ ቁራጭ ከዚህ ተነሥቶ እዚያ ሄደ» እያለ ይጽፋል። ታንኳ ሲሄድ ቁራጮቹ ቦታ መቀየር ብቻ ነው፣ ርካሽ ነው። ፀሐይ የመታው የውሃ ሞገድ ግን ከየትም አይመጣም፤ አሁን በራ፣ አሁን ጠፋ። እያንዳንዱ ብልጭታ እንደ አዲስ መጻፍ አለበት። ለአንድ ሰከንድ የተፈቀደው ቢት፣ ቢትሬት የሚባለው፣ አያደርስም፣ ሲያልቅ ደግሞ የሚበላሸው ውሃው ብቻ አይደለም፣ አጠገቡ ያለውም ነው። በዚያ ላይ ማታ ስለነበር አይኤስኦው ከፍ ብሏል፣ ሰማዩ ላይ ኖይዝ አለ፤ ኮዴኩ እያንዳንዷን ነቁጥ እንደ እንቅስቃሴ ነው የሚያያት። የኛ ስቱዲዮ ልጅ ደግሞ ፊልም ይመስላል ብሎ በላዩ ላይ ግሬን ጨምሮበታል። ችግሩን ለማወቅ ቪዲዮውን እያጫወታችሁ የረጋውን ቦታ፣ ሰማዩን ወይም ግድግዳውን እዩ። እዚያ ካሬ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ፋይሉ ከቢቱ በላይ ጠይቋል።

ቀዩ ፊደል ሌላ ታሪክ ነው። እነዚህ መድረኮች የሚያወጡት ቪዲዮ ብርሃንን ለእያንዳንዱ ፒክስል፣ ቀለምን ግን ለአራት ፒክስል አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚይዘው። ዓይናችን ለብርሃን እንጂ ለቀለም ስለታም ስላልሆነ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ቀጭን ቀይ ፊደል ጠቆር ባለ ሰማያዊ ውሃ ላይ ሲያርፍ ግን ሁለቱን የሚለያቸው ቀለም እንጂ ብርሃን አይደለም፣ ስለዚህ ጠርዙ ይቀልጣል።

«ፊደሉን ነጭ እናድርገው» አልኩ።

«ቀይ የሎጁ ቀለም ነው። የጣሪያው ቆርቆሮ ቀይ ነው፣ የአስተናጋጆቹ ሽርጥ ቀይ ነው።»

ተከራከርን። በመጨረሻ ቀዩን መደብ አድርገን ከሥር አነጠፍነው፣ ፊደሉን ወፍራም ነጭ አድርገን ከላይ ጻፍነው። ነጭና ቀይ በብርሃን ስለሚራራቁ ጠርዙ ይተርፋል። የማታውን ቀረጻ ከአሥር ሰከንድ ወደ ሦስት አወረድነው፣ ግሬኑን አነሣን (ልጁ አኩርፏል)፣ ለዚያች ቀረጻ ብቻ ኖይዝ መቀነሻ ሰጠናት። የቀረውን ሰባት ሰከንድ ጠዋት ትራይፖድ ላይ በቀረጽነውና ፔሊካኖቹ ባሉበት፣ ውሃው በረጋበት ምስል ሞላነው። የመጨረሻውን ኤክስፖርት እንዲህ አወጣነው፦

```
ffmpeg -i final.mov -c:v libx264 -preset slow -crf 16 -pix_fmt yuv420p -c:a aac -b:a 192k -movflags +faststart out.mp4
```

እዚህ ውስጥ ቁም ነገሩ crf 16 ነው፤ ቢትሬት አስሬ ከማስጨንቀው ጥራቱን አስሬ ፋይሉ የፈለገውን ያህል እንዲከብድ ለቀቅሁት። ከዚያ በሎጁ ዋይፋይ ሳይሆን በሞባይል ዳታ፣ በልጅቷ ስልክ ከፍተን አየነው። ኔትወርኩ ሲደክምና ወደ 360 ሲወርድ ውሃው አሁንም ይፈርሳል፤ እሱን ማንም አያድነውም። ስሙ ግን ይነበባል።

ጋሼ ቀሪውን ብር ከፈሉ። ሲከፍሉም ቅሬታቸውን አልተዉም፤ «ካሜራው ያው ደብዛዛ ነው፣ እናንተ ግን ጎበዝ ናችሁ» አሉ።

ወደፊት እንዲህ እንዳይሆን ለልጅቷ በቴሌግራምም በዋትስአፕም እንደ ፋይል ወይም እንደ ሰነድ መላክን አሳየኋት፣ በዚያ መንገድ የተላከ አይነካም። ፌስቡክ ውስጥ በከፍተኛ ጥራት ጫን የሚለውን ማስተካከያም አብርቼላት ሄድኩ። ጋሼ ግን ሌላ ነገር ነው የገባቸው፦ መጫን የባለሙያ ሥራ ነው። የገጹን ፈቃድ ለኔ አሰጡና አሁን ሎጁ የሚያወጣውን ሁሉ የምጭነው እኔ ነኝ፣ በነጻ። ረቡዕና ዓርብ ማለዳ የጾም ምግብ ዝርዝር ይመጣልኛል። እንግዳ መቀበያው ልጅ ወረቀቱን በስልኩ ያነሣና በዋትስአፕ ይልካል፣ እንደ ፎቶ። የሽሮው ዋጋ 180 ይሁን 130 መለየት ስለማይቻል ደውዬ እጠይቃለሁ።