«በዶላር ይሁን በድርሃም?» የዱባይ አምስት ቀን ከካርዴ ጋር

ዱባይ የደረስኩት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ሜትሮው በዚያ ሰዓት አይሠራም። ታክሲዎቹ ካርድ እንደሚቀበሉ ሰምቼ ነበር፤ ግን በማላውቀው ከተማ፣ በሌሊት፣ ኪሴ ውስጥ አንድ ድርሃም ሳይኖር መውጣት አላስቻለኝም። ሻንጣ ከሚወጣበት አዳራሽ ያለው የምንዛሪ መስኮት ክፍት ነበር፤ 50 ዶላር ሰጠሁ፣ 156 ድርሃም ከሃምሳ ተቆጥሮ ተመለሰልኝ።

ደረሰኙን ያነበብኩት ታክሲው ውስጥ ነው። አንዱን ዶላር የወሰዱት በ3.43 ሲሆን 15 ድርሃም ደግሞ «የአገልግሎት» ብለው ቆርጠዋል። ትክክለኛው ዋጋ 183 ድርሃም ከ63 ነበር። ከመቶ 15 ማለት ይቻላል በመስኮቱ ቀዳዳ ገብቶ ቀረ። ጥፋቱ ግን የኔም ነው፤ ለታክሲ ብቻ የሚበቃ 20 ዶላር መመንዘር እችል ነበር።

ትክክለኛውን ዋጋ እንዴት አወቅህ ለሚል፦ ድርሃም ከዶላር ጋር ታስሮ የሚኖር ገንዘብ ነው። ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንድ ዶላር 3.6725 ድርሃም ነው፤ ትናንትም ዛሬም። በየጠዋቱ «ዛሬ ስንት ገባ?» ብሎ ለሚነቃ፣ በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ የባንኮችን ሰሌዳ እንደ እግር ኳስ ውጤት ለሚከታተል አዲስ አበቤ ይሄ እንግዳ ነገር ነው። ለመንገደኛ ግን ጥሩ ሚዛን ነው። ማንም የሚጠራላችሁን ተመን ከ3.67 ጋር አስተያዩት፤ የጎደለው የእሱ ትርፍ ነው። ኢስታንቡል ወይም ናይሮቢ ቢሆን ተመኑ ስለሚዋልል መጀመሪያ የዕለቱን ዋጋ ማየት ግድ ይል ነበር።

በማግስቱ የዱባይ የድሮ ገበያ ሰፈር ወደሆነው ዴራ ወረድኩ። ቁርስ ፍርፍር በልቼ (እንጀራው ከጠበቅኩት በላይ ጥሩ ነበር፣ ሻዩ ግን ስኳር ብቻ) ወደ ምንዛሪ ቤቶቹ ሄድኩ። ተደርድረው ስለሚገኙ ሦስቱን ለመጠየቅ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓምድ አለ፤ ዶላር ይዞ የመጣ ሰው የሚያየው WE BUY የሚለውን ነው፣ የሚገዙት እነሱ ናቸውና። ብዙ ሰው WE SELL የሚለውን ከፍ ያለ ቁጥር አይቶ ይደሰትና ገንዘቡን ሲቀበል ይጣላል። እኔ ግን ከሰሌዳው ይልቅ አንድ ጥያቄ ይበልጥብኛል፦ «300 ዶላር ብሰጥህ ሁሉ ነገር ተቆርጦ ስንት ድርሃም እጄ ይገባል?» መልሱ ውስጥ ተመኑም ኮሚሽኑም አለ።

አንደኛው ቤት በ3.655 ያለ ኮሚሽን መነዘረልኝ፤ ለ300 ዶላር 1,096 ድርሃም ከሃምሳ። ከኤርፖርቱ ጋር አይወዳደርም። ልመነዝር ያሰብኩት ግን 400 ነበር። አራተኛዋ መቶ ዶላር ዳር ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የሆነ ሰው በእስክሪብቶ ቁጥር ጽፎባታል፤ ልጁ በብርሃን አይቶ ገፋ አድርጎ መለሰልኝ። ሌላው ቤት እወስዳለሁ አለ፣ በዝቅተኛ ተመን። ከአገር ስትወጡ ዶላር ከባንክ ስትቀበሉ እዚያው መስኮቱ ላይ እያንዳንዱን ገልብጡ፦ ጽሑፍ፣ ማኅተም፣ ቅዳጅ ካለው አስቀይሩ። ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የወጣው ሰማያዊ መስመር ያለው መቶ ዶላር የትም አያከራክርም። አንድ፣ አምስትና አሥር ዶላሮች ደግሞ ከመቶው ባነሰ ተመን የሚገዙበት ቤት አለ፤ እነሱን ለጉርሻ ያዙ።

እንግዲህ የጎደለኝን ከኤቲኤም ላወጣ ነው። የያዝኩት ባንኬ የሰጠኝ፣ ዶላር የተሞላበት የቅድመ ክፍያ ካርድ ነው።

እዚህ ላይ ቀስ ልበል፣ ገንዘብ በብዛት የሚፈሰው እዚህ ነውና። 1,000 ድርሃም ብዬ አዘዝኩ። ማሽኑ መጀመሪያ 20 ድርሃም ክፍያ እንደሚወስድ ነገረኝ፤ እሺ፣ ይሄ የማሽኑ ባለቤት ድርሻ ነው። ቀጥሎ ሌላ ገጽ መጣ። ካርድህ የዶላር ነው፣ ሒሳቡን አሁኑኑ በዶላር እንቁረጥልህ ይላል፤ ተመኑ 3.4400። ከታች ሁለት ምርጫ፦ ACCEPT CONVERSION እና DECLINE CONVERSION። የመጀመሪያው አረንጓዴ ነው።

እጅ ወደ አረንጓዴው ይሄዳል። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ «ካርዴ ዶላር ነው፣ በዶላር ቢቆረጥ ምን ይጎዳኛል?» የሚል ሐሳብ አለ። ሁለተኛ፣ DECLINE ሲባል ገንዘቡ የሚከለከል፣ ካርዱም የሚዋጥ ይመስላል። አይደለም። የምትከለክሉት ምንዛሪውን ብቻ ነው፤ ገንዘቡ ይወጣል። ተጫንኩት፣ ጥቂት ሰኮንዶች አሰበ፣ ቆጥሮ ሰጠኝ።

ልዩነቱን በቁጥር ላሳያችሁ፤ ክፍያዎቹን ለጊዜው ትተን 1,000 ድርሃሙን ብቻ እንያዝ። በማሽኑ ተመን ከካርዴ የሚወጣው 290 ዶላር ከ70 ሳንቲም ነበር። በ3.6725 ደግሞ 272 ዶላር ከ29። አንድ ቁልፍ በመጫን 18 ዶላር። እምቢ ስትሉ ምንዛሪውን የሚሠራው የካርዱ ድርጅት፣ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ነው፤ የእነሱ ተመን ደግሞ ለድርሃም ከዚያ ቋሚ ዋጋ ብዙ አይርቅም። ባንካችሁ በላዩ የራሱን መቶኛ ሊጨምር ስለሚችል ከመነሳታችሁ በፊት «ከአገር ውጭ ሲወጣ ስንት ትቆርጣላችሁ፣ ሱቅ ስከፍልበትስ?» ብላችሁ ሁለቱን ለየብቻ ጠይቁ። አንዳንድ ባንክ ሒሳቡ በዶላር ቢመጣም የውጭ አገር ክፍያውን አይተውም፤ ያን ጊዜ ACCEPT ያለ ሰው ሁለት ጊዜ ይቆረጥበታል።

ማሽኑ ካርዴ የዶላር መሆኑን እንዴት አወቀ? ከካርዱ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ አኃዞች። እነሱ የየትኛው ባንክ ካርድ እንደሆነና በምን ገንዘብ እንደሚሠራ ይናገራሉ። ከመጥፎው ተመን የሚገኘውን ትርፍ የማሽኑ ባለቤትና ምንዛሪውን የሚያቀርበው ይካፈሉታል። ሱቅ ከሆነ ባለሱቁም ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ምክር ከእሱ አትጠብቁ።

የማውጫ ክፍያው ሌላ ጉዳይ ነው። ማሽኑ 20 ድርሃም፣ ባንኬ ደግሞ በአንድ ጊዜ 4 ዶላር ይወስዳሉ፤ ሁለቱም የምታወጡት ብዛት ግድ የላቸውም። በታክሲ ወጪ ልክ 300፣ 300 ድርሃም የሚያወጣ ሰው በእያንዳንዱ ጊዜ 91 ዶላር ከ13 ይከፍላል፤ እጁ የሚገባው ተመን 3.29 ነው፣ የ15 ድርሃሙ ቅነሳ ሳይቆጠር ከኤርፖርቱ የ3.43 ተመን እንኳ ያነሰ። አንድ ጊዜ 1,500 ካወጣ 417 ዶላር ከ89 ይቆረጥበታል፤ 3.59 ደረሰ። ይሄም ሆኖ ከዴራው ምንዛሪ ቤት አልበለጠም። ለዱባይ የማምነው እንግዲህ ይሄን ነው፦ ንጹህ መቶ ዶላሮች ለዕለት ወጪ፣ ካርድ ለሱቅና ለሆቴል፣ ኤቲኤም ሲቸግር ብቻ፣ ያውም በአንድ ጊዜ። ብዙ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መዞር የሚጨንቀው ሰው ልዩነቱን እንደ ኢንሹራንስ ቆጥሮ ይክፈል፤ አልከራከረውም።

ሦስተኛውን ቀን ሙሉ በወርቅ ገበያና በሱቆች ዞርኩ፤ የሚገዛ ሰው እንጂ የሚያይ ሰው ብዙ የሚያደርገው የለም። አንድ ጫማ ግን ያዝኩ፣ 220 ድርሃም። ሻጩ ካርዴን ፖሱ ላይ ሰካ፣ ማሽኑን ወደ ራሱ አዙሮ አንድ ነገር ተጫነ፣ ከዚያ ለፒን ወደኔ መለሰው። ደረሰኙ ሲወጣ USD 62.70 ይላል፤ ከሥሩ በጥቃቅን ፊደል በዶላር ለመክፈል እኔው መርጫለሁ ይላል። ማን ጠየቀኝ? ትክክለኛው 59 ዶላር ከ90 ነው። «ሴም፣ ሴም» አለኝ ሻጩ፣ እንደ ሚኒባስ ረዳት መልስ እንደሌለው ሰው ጣሪያ ጣሪያ እያየ።

VOID አድርግልኝና በድርሃም ድገመው አልኩት። አጉረመረመ እንጂ ደገመው። ለ2 ዶላር ከ80 ተጣላህ ብትሉኝ እውነት ነው። ነገሩን ማወቅ ግን ይጠቅማል፦ በዚያው ቀን፣ ሱቁ የቀኑን ሒሳብ ከመዝጋቱ በፊት ክፍያውን እንዳልነበረ መሰረዝ ይቻላል። ከዚያ በኋላ የሚቻለው ተመላሽ ብቻ ነው፤ እሱም ቀናት ይፈጃል፣ የሚመለሰውም የከፈላችሁትን ያህል ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ፒን ከመንካታችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ የድርሃም ምልክት የሆነውን AED ፈልጉ። USD ካያችሁ ፒን ሳትነኩ ቀዩን ተጫኑና እንደገና አስጀምሩት። ሁለቱንም ደረሰኞች፣ የተሰረዘውንም አዲሱንም፣ ያዙ።

ሆቴሉ ላይ ደግሞ ስህተቱ ከመጀመሪያው ሌሊት ነበር። እንቅልፍ እያንገላታኝ 500 ድርሃም መያዣ ሲጠይቁኝ ካርዴን ሰጠሁ። መያዣ ከካርድ አይቆረጥም፣ ይታገዳል፤ የክሬዲት ካርድ ባለቤት ልብ ላይለው ይችላል፣ ቅድመ ክፍያ ካርድ ላይ ግን 136 ዶላር ታግዶ እያለኝ የማላወጣው ገንዘብ ሆነብኝ። የምወጣ ቀን እንግዳ ተቀባዩ ልጅ፣ ደግ ሰው ነበር፣ «በሚቀጥለው በጥሬ ገንዘብ ስጡ፣ ስትወጡ ወዲያው እመልሳለሁ፤ ካርድ ላይ ግን የምለቀው እኔ ብሆንም የሚያሳየው ባንክዎ ነው» አለኝ። በየሌሊቱ የምትጨመር 10 ድርሃም የቱሪዝም ክፍያም ነበረች፤ ሦስት ኮከብ ስለሆነ ነው። ዋጋው ውስጥ ተካታለች ብዬ አስቤ ነበር።

የመጨረሻ ከሰዓቴን ከተማዋን የሚከፍለውን የባሕር ሰርጥ፣ ክሪኩን፣ በአብራ ጀልባ ወዲያና ወዲህ ስሻገር ዋልኩ። አንድ ጉዞ 1 ድርሃም ነው። ምንዛሪ ቤቶች ሳንቲም ስለማይገዙ ያለኝን ሁሉ እዚያ ጨረስኩ። የተረፈኝ 140 ድርሃም ወረቀት ነበር፤ ወደ ዶላር ብመልሰው አሁን የሚመለከተኝ WE SELL የሚለው ዓምድ ነው። ተውኩትና ሜትሮ ጣቢያው አጠገብ ለእናቴ ሽቶ ገዛሁበት።

የታገደው 136 ዶላር ካርዴ ላይ ተመልሶ የታየው አዲስ አበባ በገባሁ በ11ኛው ቀን ነው።