ዕቃው ተሰብሮ ሲደርስ ለደንበኛ የሚጻፈው መልእክት

ቴሌግራም ላይ ጀበና፣ ስኒ፣ ረከቦትና ሸክላ ድስት እሸጣለሁ። የምልከው በአብዛኛው ወደ ክፍለ ሀገር ነው። ሸክላ ይሰበራል፤ እሱ የታወቀ ነው። ከተሰበረ በኋላ ለደንበኛው ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ግን በደንብ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የነገሩኝም በተሳሳተ መንገድ ነገሩኝ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ደንበኛዬ ደሴ የሚኖሩ እናት ናቸው። የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ተራቸው ነበር። አንድ ጀበና በ900 ብር፣ አሥራ ሁለት ስኒ በ960 ብር አዘዙ፤ ማጓጓዣው 250። ሙሉውን 2,110 ብር በቴሌብር ከፈሉ። ዕቃው ታሽጎ ተጫነ። ኅዳር 7 ጠዋት ሦስት ፎቶ ላኩልኝ። ጀበናው አንገቱ ላይ ለሁለት ተከፍሏል፣ አራት ስኒዎች ተሰንጥቀዋል። ከሥር ያለው ጽሑፍ አጭር ነው፦ «ልጄ፣ እንዲህ ሆኖ ደረሰኝ። ማኅበሩ ለ12 ነው።»

ልብ በሉ፣ የሚያስፈልገኝ ነገር ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። ምን እንደተሰበረ በፎቶ አለ፤ መቼ እንደሚፈልጉትም ተጽፏል።

እኔ ግን ከዚያ በፊት አንድ የአነስተኛ ንግድ ሥልጠና ወስጄ ነበር። አሠልጣኙ «የደንበኛ ቅሬታ ሲመጣ ይህን ላኩ» ብሎ የተዘጋጀ ጽሑፍ ሰጥቶናል። «ጥፋትን በጽሑፍ አትመኑ፣ ማስረጃ ይሆንባችኋል» የሚልም ምክር ጨምሮበታል። ጽሑፉ ይኸው፦

«ውድ ደንበኛችን፣ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እየጠየቅን፣ ቅሬታዎ ተጣርቶ ምላሽ የሚሰጥዎት መሆኑን እንገልጻለን። እባክዎ ፎቶና የከፈሉበትን ደረሰኝ ይላኩ።»

ላክሁላቸው። መልሳቸው ወዲያው መጣ፦ «ፎቶውማ ልኬያለሁ። ብሩንም የተቀበልሽው አንቺ ነሽ። የሚጣራው ምኑ ነው?»

ልክ ናቸው። ያ ጽሑፍ ውኃ ሲቋረጥ ወይም መንገድ ሲዘጋ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ነው። መጉላላቱ በራሱ «ተፈጠረ»፤ የፈጠረው ሰው የለም። ለየትኛውም ደንበኛ፣ ለየትኛውም ዕቃ ይሆናል። ጀበና የሚል ቃል የለበትም፣ ቀን የለበትም፣ ብር የለበትም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሥራውን መልሶ ደንበኛው ላይ መጫኑ ነው። ማኅበራቸው አምስት ቀን የቀራቸው ሴትዮ ደረሰኝ ፍለጋ ስልካቸውን እንዲበረብሩ ተጠየቁ። አሠልጣኙን ዛሬ ባገኘው የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንድ ቀን እንኳ ዕቃ ሸጠህ ታውቃለህ?

ነገሩን ያባሰው ደግሞ የጫነልን የዕቃ መላኪያ ቢሮ ነው። ስደውል ሠራተኛው «ፈርመው ተረክበዋል፣ እኛን አይመለከትም» አለኝ። የደረሰኙ ጀርባ ላይ ተሰባሪ ዕቃ በላኪው ኃላፊነት ይላል፣ አበቃ። እሱ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበር። ደሴ ያለው ባልደረባው ደግሞ ለእትዬ «ላኪዋ በደንብ አላሸገችውም» ብሏቸዋል። አዲስ አበባ ያለው እኔን «ይቅርታ እንዳትይ፣ ይቅርታ ካልሽ አንቺ ከፋይ ነሽ» ይለኛል። ከፋይ ማን ሊሆን ነበር ታዲያ? ብሩ ያለው እኔ ጋ ነው። ደንበኛዋ ከመላኪያ ቢሮው ጋር ምንም ውል የላቸውም። ቢሮውን የመረጥኩት እኔ፣ ዕቃውን ያስረከብኩት እኔ። ከእነሱ ጋር ያለኝ ጭቅጭቅ የእኔ ጉዳይ ነው፤ በይቅርታው መልእክት ውስጥ በአንድ መስመር እንኳ መግባት የለበትም። «የመላኪያ ድርጅቱ ጥፋት ነው» የምትል ዓረፍተ ነገር እውነት ብትሆን እንኳ ደንበኛው የሚያነባት «እኔን አትጠይቁኝ» ብሎ ነው።

ሁለተኛውን መልእክት ከመጻፌ በፊት ሁለት ነገር አጣራሁ። ይህን ማንም እንዳይዘልል እመክራለሁ፤ ቅያሪ እሰጣለሁ ብሎ ቅያሪ ማጣት ከመጀመሪያው ስብራት ይብሳል።

አንደኛው ዕቃው ነው። ጀበናው በእጄ ነበር። ስኒው ግን በካርቶን የሚመጣ ነው፤ አንድ አበባ ካለቀ ያው አበባ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል። መርካቶ ያለው ነጋዴ ጋ ደወልኩ፦ አልቋል። ስለዚህ አራት ስኒ ብቻ መላክ አይሆንም። ስምንቱ በቀይ አበባ፣ አራቱ በሰማያዊ መስመር ሆነው ማኅበርተኛ ፊት ሊቀርቡ ነው? አሥራ ሁለቱንም በአዲስ መልክ መላክ አለብኝ። በዚያው ሒሳብ ገንዘብ ቢመርጡም የአራት ስኒ ዋጋ ብቻ ቆርጦ መመለስ ልክ አይደለም። ስምንት ስኒ ሙሉ ዕቃ አይደለም።

ሁለተኛው ቀኑ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኅዳር 8 ጠዋት ከተጫነ ቢዘገይ ኅዳር 9 ይደርሳል። አንድ ቀን ቢንሸራተት እንኳ ማኅበሩን ይቀድማል። ባይደርስ ኖሮ ቅያሪ የሚለውን ከነጭራሹ አልጽፈውም ነበር።

ከዚያ ይህን ጻፍኩ፦

«እትዬ፣ ጀበናው አንገቱ ተሰብሮ፣ አራት ስኒዎችም ተሰንጥቀው ስለደረሱዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዕቃው በደህና እጅዎ እስኪገባ ኃላፊነቱ የእኔ ነው። ቀደም ብዬ ስለላክሁልዎ መልስም ይቅርታ፤ ፎቶዎቹ በቂ ናቸው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ጀበናውን አጣብቀው እሳት ላይ እንዳይጥዱት። የተሰነጠቁት ስኒዎችም ትኩስ ሲቀዳባቸው እጅ ላይ ሊከፈሉ ይችላሉ፤ ለይተው ያስቀምጧቸው።

ከሁለቱ የሚሻልዎትን ይምረጡ። አንዱ፦ ያንኑ ዓይነት ጀበና ከአሥራ ሁለት አዲስ ስኒ ጋር ነገ ጠዋት አስጭኜ ቢዘገይ ኅዳር 9 ይደርስዎታል፤ ማጓጓዣውን እኔ እከፍላለሁ። የስኒው አበባ ከበፊቱ ይለያል፣ ፎቶውን አያይዣለሁ። ሌላው፦ የከፈሉትን 2,110 ብር ማጓጓዣውን ጨምሮ ዛሬውኑ በቴሌብር እመልስልዎታለሁ።

የተሰበረውንም የተረፈውንም መመለስ አያስፈልግም። ነገ ጠዋት እንዲጫን እስከ ዛሬ ማታ 2 ሰዓት ‹ቅያሪ› ወይም ‹ብሬን› ብለው ይጻፉልኝ። ከዚያ በኋላ ቢመልሱም ብሩ በማንኛውም ጊዜ ይመለስልዎታል። አሁን እደውልልዎታለሁ።»

የእሳቱ ነገር ለምን ገባ የሚል ይኖራል። ጀበና ሲመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ማሟሸት ነው። አንገቱ የተሰበረውን ማንም አይጥደውም ይሆናል፤ ሆኖም በሙጫ ለማጣበቅ የሚሞክር አለ፣ ሙጫ ደግሞ እሳት አይችልም። ሆዱ ላይ የፀጉር ያህል የተሰነጠቀውማ ሳይታይ ይጣዳል፣ ከነፈላ ውኃው ይፈርሳል። ስንጥቅ ለመለየት ጀበናውን አንጠልጥሎ በጣት አጥንት ማንኳኳት ነው፤ ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው የታፈነ ድምፅ አለው።  ሸክላ የሚሸጥ ሰው ይህን በይቅርታው ውስጥ ካልጻፈ ይቅርታው ጎዶሎ ነው እላለሁ።

የተሰበረውን አታስመልሱ የሚለው ሐሳቤ ከብዙ ሰው ምክር ይለያል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ዕቃውን መልሶ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል ይላል። ብዙ ነጋዴ «መጀመሪያ መልሱ» የሚለው ይህን ይዞ ነው። ሕጉ ግን ለሸማቹ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛውን ነው፤ ከዚያ በላይ ማድረግ አይከለክልም። የተሰበረ ሸክላ ከደሴ ለማስመለስ ሌላ 250 ብር መክፈል ለማን ይጠቅማል? ፎቶ በቂ ነው። ማስመለስ የሚገባው ተጠግኖ የሚሸጥ ዕቃ ከሆነ ብቻ ነው፣ እሱንም በሻጭ ወጪ።

ሌላም አለ። ቅያሪው እኔን ዕቃው ከተገዛበት ዋጋና ከማጓጓዣው ጋር 1,400 ብር ያህል ያስወጣኛል፤ ገንዘቡን ብመልስ ደግሞ 2,110 ከእጄ ይወጣል። ለዚህ ነው ብዙዎች ገንዘብ የሚለውን ምርጫ መጨረሻ ላይ በደቃቁ የሚደብቁት፣ ወይም «በቀጣይ ግዢዎ ይታሰብልዎታል» የሚሉት። ደንበኛው ይህን ወዲያው ያውቀዋል። ሁለቱ ምርጫዎች እኩል ግልጽ፣ እኩል ቅርብ ይሁኑ። «ማሬ»፣ «ሆድዬ» የሚለውን የቴሌግራም አጠራርም ለሽያጭ ጊዜ ተዉት። ለተናደደ ሰው ሲጻፍ ማባበል ይመስላል።

እትዬ «ቅያሪ» አሉ። ስደውልም ድምፃቸው ረግቦ ነበር። ኅዳር 9 ከሰዓት ደረሳቸው። በዚህኛው ጀበናው ለብቻው በካርቶን ሆነ፣ ሆዱ ውስጥ ወረቀት ተጠቀጠቀ፣ አንገቱ በጨርቅ ተጠመጠመ፣ ከዚያ ሁሉም በትልቅ ካርቶን ገባ። ካርቶኑን ነቅንቄ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ከሰማሁ ፈትቼ እንደገና ነው የማሽገው።

ከመላኪያ ቢሮው እስከ ዛሬ አንድ ብር አላገኘሁም። አቤቱታዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ መልሳቸው ያችው «ፈርመው ተረክበዋል» ናት። ከፍተው አይተው ይፈርሙ ስላቸው ደግሞ «ሳይፈረም አይከፈትም» ይላሉ። ስለዚህ አሁን ለእያንዳንዱ ደንበኛ ዕቃ ስጭን ይህን እጽፋለሁ፦ «ሲፈርሙ ከፊርማዎ አጠገብ ‹ሳይከፈት የተረከብኩ› ብለው ይጻፉ፣ ከዚያ እዚያው መስኮቱ ፊት ይክፈቱት፣ የተሰበረ ካለ ከቢሮው ሳይወጡ ፎቶ ያንሱ።» አንዳንዱ ሠራተኛ ይቆጣል። ይቆጣ።