ዘንጉ ሙሉ፣ ዳታው የለም

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ገበያ፣ በርበሬ የምገዛቸው እትዬ ስልካቸውን ሰጡኝ። ልጃቸው በቴሌግራም የላከው ፎቶ ክቡ ብቻ ይዞራል። «የኔትወርኩ ዘንግ ሙሉ ነው፣ ምን ሆኖ ነው?»

ደወልኩላቸው፤ ጠራ። ዳታም በርቷል፣ ጥቅሉም አላለቀም። ከዘንጎቹ ጎን ግን 4G የሚለው ጽሑፍ የለም። ዘንጉ የሚለካው የታወሩን ሲግናል ጥንካሬ ነው፤ ዳታው መገናኘቱን አይናገርም።

ወደ 3G ቀየርኩት፤ ወይ ፍንክች! ከዚያ ኦፕሬተር በራሱ እንዲመርጥ የሚያደርገውን አጠፋሁ። ፍለጋው ትዕግሥት ያስጨርሳል። ሁለት ስም መጣ፤ የሲማቸውን ነካሁ፣ እንደ አዲስ ተመዘገበ። ፎቶው ተከፈተ።

ሁሉንም ወደ አውቶማቲክ መለስኩት። 3G ብቻ ላይ ቢቀር፣ 3G የሌለበት ቦታ ሲሄዱ መስመር ያጣሉ። ችግሩ ከታወሩ ቢሆን ግን የቱንም ብነካካ ላይሠራ ይችል ነበር።