ይህ ፎቶ የየት አገር ነው? በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ

ቪክቶሪያ ሐይቅን የዞርኩት በሕዝብ ትራንስፖርት ነው። ከኪሱሙ ተነስቼ በቡሲያ በኩል ኡጋንዳ ገባሁ። ጂንጃንና ካምፓላን አልፌ በማሳካ አድርጌ ወደ ሙቱኩላ ወረድኩ። ከዚያ ታንዛኒያ ውስጥ ቡኮባንና ምዋንዛን አየሁና በሲራሪ በኩል ተመልሼ ኬንያ ገባሁ። ሦስት አገር፣ አንድ ሐይቅ። በመስኮት በኩል ብዙ ፎቶ አንስቻለሁ፤ ስልኩ ቦታ እንዳይመዘግብ አጥፍቼው ስለነበር ማታ ማታ ፎቶዎቹን ስለይ ከምስሉና ከፎቶዎቹ ቅደም ተከተል ውጪ የሚነግረኝ ነገር አልነበረም።

መልክዓ ምድሩ ብዙም አይረዳም። ቀይ አፈር፣ ሙዝ፣ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ሱቆች፣ መንገድ ዳር የተደረደሩ ሞተሮች። ከማሳካ እስከ ቡኮባ ድንበሩን ባታውቀው ኖሮ አገር መቀየርህን ከእርሻው አታውቅም። ትልልቅ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቆልሎ ያየህ እንደሆነ ምዋንዛ ነው ትላለህ፤ ግን ኪሱሙ አጠገብ ያለው ኪት ሚካዪም እንደዚያው ነው። የመንገድ አቅጣጫም አይለይም፣ ሦስቱም አገሮች በግራ ነው የሚነዱት። በጥላ ሰሜንና ደቡብን ለመለየት መሞከርም እዚህ ከንቱ ነው፤ ሐይቁ የምድር ወገብ ላይ ስለሆነ የቀትር ጥላ እንደ ወሩ አንዴ ወደ ሰሜን፣ አንዴ ወደ ደቡብ ይወድቃል።

የከተማ ስም ደግሞ ጭራሽ ያሳስታል። ቡሲያ የሚባል ከተማ ኬንያ ውስጥ አለ፣ ድንበሩን ተሻግረህም ኡጋንዳ ውስጥ ቡሲያ አለ። ሙቱኩላም እንዲሁ፣ በኡጋንዳም በታንዛኒያም ወገን። ታፔላ ላይ «ቡሲያ» የሚል ስላነበብክ ብቻ አገሩን አወቅክ ማለት አይደለም።

ታዲያ ምን ይታያል? እኔ የያዝኩት መንገድ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ መሬት ላይ የተተከለውን፣ ቀጥሎ እዚያው ሰፈር የሚሠራውን፣ መጨረሻ ላይ አላፊ አግዳሚውን። ብዙ ሰው ግን ከመጨረሻው ይጀምራል። የመኪና ታርጋ ዓይን ይስባላ!

ታርጋው ራሱ ግልጽ ነው። የኬንያ በኬ ይጀምራል፣ የኡጋንዳ በዩ፣ የታንዛኒያ በቲ። ፊደሉ ባይነበብ እንኳ ቀለሙ ብዙ ይናገራል። በኬንያና በኡጋንዳ የግል መኪና የፊት ታርጋው ነጭ፣ የኋላው ቢጫ ነው። በታንዛኒያ የግል መኪና ከፊትም ከኋላም ቢጫ ነው፣ የንግዱ ደግሞ ሁለቱም ነጭ። ስለዚህ ወደ አንተ የሚመጣ የቤት መኪና ፊቱ ላይ ቢጫ ታርጋ ካየህ፣ ፊደሉ በአቧራ ተሸፍኖም ቢሆን መኪናው የታንዛኒያ ነው። ከኋላ ሆነህ ቢጫ ካየህ ግን ገና ምንም አላወቅክም፤ ከሦስቱ ከየትኛውም ሊሆን ይችላል። ፎቶው መኪናውን ከፊት ነው ያነሳው ወይስ ከኋላ፣ ይሄን ሳትለይ ስለ ቀለም ማውራት ዋጋ የለውም።

ችግሩ መኪና ይሄዳል። ከሞምባሳ ወደብ የተነሳ ኮንቴይነር ጫኝ ካምፓላን አልፎ ይሄዳል፣ ከዳሬሰላም የተነሳውም በሙቱኩላ በኩል ይገባል። የካምፓላ መንገድ ላይ የኬንያ ታርጋ ያለው ከባድ መኪና ማየት ምንም አያስገርምም። ስለዚህ የከባድ መኪና ታርጋ መኪናው ከየት እንደመጣ እንጂ ፎቶው የት እንደተነሳ አይነግርህም። ዛፍ ጥላ ሥር ደንበኛ የሚጠብቅ ሞተረኛ ይሻላል፤ እሱ የሰፈሩ ሰው ነው። የሞተር ታርጋ በኬንያ ኬኤም ብሎ ይጀምራል፣ በታንዛኒያ ኤምሲ፣ በኡጋንዳ እንደ መኪናው በዩ።

ሚኒባሶቹም ከሩቅ ይለያሉ። ሁሉም ቶዮታ ሃያስ ናቸው ማለት ይቻላል፣ ግን በኡጋንዳ ታክሲ የሚባሉት ነጭ ሆነው ወገባቸው ላይ ዳማ የመሰለ ሰማያዊና ነጭ መስመር አላቸው። የኬንያ ማታቱ ደግሞ ጎኑ ላይ ያልተቆራረጠ ቢጫ መስመር አለው፤ ግዴታ ከሆነ ሃያ ዓመት አልፎታል። የታንዛኒያ ዳላዳላ የሚሄድበትን መስመር የሚያሳይ ባለ ቀለም ቅብ አለው፣ ቀለሙም እንደ መስመሩ ይለያያል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሰማያዊ ቅብ ያለው ዳላዳላ ከሩቅ የኡጋንዳ ታክሲ ሊመስል ይችላል። ፎቶውን ዙም አድርገህ ሰማያዊው በካሬ በካሬ የተቆራረጠ መሆኑን ማየት አለብህ። ቀጥ ያለ ከሆነ ኡጋንዳ አትበል።

የሱቆቹ ቀለም ሌላው ነገር ነው። የስልክ ኩባንያዎች ሱቆችን ከላይ እስከ ታች በራሳቸው ቀለም ይቀባሉ። ቢጫ የኤምቲኤን ሱቅ ካየህ ከሦስቱ መካከል ኡጋንዳ ነው፣ በሌሎቹ ሁለት አገሮች ኤምቲኤን ለሕዝብ የሞባይል አገልግሎት አይሰጥም። ኤምፔሳ ግን ሁለት አገር ውስጥ አለ። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ሳፋሪኮም ጀመረው፣ አረንጓዴ ነው። በታንዛኒያ በ2008 ቮዳኮም አስገባው፣ እሱ ቀይ ነው። ስሙን አንብበህ ኬንያ ብለህ አትቸኩል፣ ቀለሙን እይ። ቀይ ሱቅ ሁሉ ደግሞ ቮዳኮም አይደለም፤ ኤርቴል ቀይ ነው፣ በሦስቱም አገር አለ። እኔ ቀይ ሱቅ ሳይ ጽሑፉን እስካነብ ድረስ እንደሌለ እቆጥረዋለሁ።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን የታፔላ ግርጌ ነው። ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ክሊኒክ ስሙን በትልቁ ይጽፍና ከሥር በትንሹ የፖስታ ሳጥን ቁጥሩን ያስቀምጣል። በታንዛኒያ ኤስ ኤል ፒ ይላል፣ በስዋሂሊ የፖስታ ሳጥን ምህጻረ ቃል ነው። በኬንያና በኡጋንዳ የእንግሊዝኛው ፒ ኦ ቦክስ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ቁጥሩ ነው። የኬንያ አድራሻ ከሳጥኑ ቁጥር በኋላ ሰረዝ አድርጎ አምስት አሃዝ ያለው የፖስታ ኮድ ይጨምራል፤ ኪሱሙ 40100፣ የኬንያዋ ቡሲያ 50400። የኡጋንዳው የሳጥን ቁጥርና የከተማ ስም ብቻ ነው። ያቺ ሰረዝና ከኋላዋ ያሉት አምስት ቁጥሮች ሁለቱን ቡሲያዎች ይለያሉ፣ ከተማው ራሱ ካልለየልህ ማለት ነው።

መድኃኒት ቤትም እንደዚሁ። በታንዛኒያ ገጠር ዱካ ላ ዳዋ ወይም ዱካ ላ ዳዋ ሙሂሙ ተብሎ ይጻፋል። በኬንያ ኬሚስት ይላል። በኡጋንዳ አነስተኛው ድራግ ሾፕ ይባላል፣ ሕጋዊ የፈቃድ ስሙም ያ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በታንዛኒያ ሹሌ ያ ምሲንጊ ሲሆን በሁለቱ በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ የታንዛኒያ የግል ትምህርት ቤቶች ግን ታፔላቸውንም በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፣ ስለዚህ አንድ የእንግሊዝኛ ታፔላ ብቻ ይዘህ ታንዛኒያን አታስወጣ።

አሁን አንዱን ፎቶ ልንገራችሁ። ከማሳካ ወዲህ የተነሳ መሆኑን በፎቶዎቹ ቅደም ተከተል አውቃለሁ፣ ጥያቄው ከሙቱኩላ በፊት ነው ወይስ በኋላ ነው። ቀይ መሬት፣ ከጀርባ ሙዝ። በስተቀኝ ቀይ ሱቅ፣ ጽሑፉ በተሰቀለ ልብስ ግማሹ ተሸፍኗል። መሀል መንገድ ላይ ከባድ መኪና፣ ታርጋው በቲ ይጀምራል። በስተግራ የሚኒባስ ኋላ፣ ጎኑ ላይ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ። ከኋላ ትንሽ መድኃኒት ቤት፣ የታፔላው መጀመሪያ በቅጠል ተሸፍኖ የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ትታያለች። ከሥሯ በ07 የሚጀምር ስልክ ቁጥር አለ።

አብሮኝ የሚጓዘው ጓደኛዬ ትከሻዬ ላይ ተንጠራርቶ አየና «ታንዛኒያ ነዋ፣ ታርጋውን እየው» አለኝ። እኔ አልተቀበልኩትም። ከባድ መኪና ነው፣ ድንበር አቋራጭ ሊሆን ይችላል። ቀይ ሱቅ ቮዳኮም ቢሆን ታንዛኒያ ነበር፣ ኤርቴል ከሆነ ግን የትም ነው፣ ስለዚህ ተውኩት። ስልክ ቁጥሩም አይለይም። በ06 ቢጀምር ታንዛኒያ ነው ብዬ እገላገል ነበር፣ የሞባይል ቁጥር ሆኖ በ01 ቢጀምር ደግሞ ኬንያ፤ በ07 የሚጀምር ግን ሦስቱም ጋ አለ።

የቀሩት መድኃኒት ቤቱና ሚኒባሱ ናቸው። ቃሏን አጉልቼ አየኋት፤ ሾፕ ትላለች። ታንዛኒያ ቢሆን መጨረሻው ዳዋ ወይም ሙሂሙ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነበር። ይሄ ወደ ኡጋንዳ ያጋድላል፣ ብቻውን ግን አያስምልም። ሚኒባሱን አጎላሁት። ሰማያዊው በኋላ ጎማው በላይ ጭቃ ነክቶታል፣ ወደ በሩ ሲጠጋ ግን ይጠራል፤ እዚያ ጋ አንድ ሰማያዊ ካሬ፣ አንድ ነጭ፣ ደግሞ ሰማያዊ። ይሄው ነው። ሁለት የማይገናኙ ነገሮች፣ አንዱ ግድግዳ ላይ፣ አንዱ በአካባቢው የሚመላለስ ታክሲ ላይ፣ አንድ አገር አሉ። ኡጋንዳ፣ ከሙቱኩላ በፊት።

«መኪናውስ?» አለኝ ጓደኛዬ። መኪናው ወደ አገሩ እየተመለሰ ወይም ከአገሩ እየወጣ ነው፣ ሁለቱም ከፎቶው ጋር አይጣላም። አንድ ምልክት ከሌሎቹ ጋር ሲጋጭ እንዲህ ነው የማደርገው፦ የሚጋጨው ነገር እዚያ ለመገኘት ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ለከባድ መኪና ምክንያት አለ። የኡጋንዳ ታክሲ ግን ታንዛኒያ ገጠር ውስጥ ሰው የሚጭንበት ምክንያት አይታየኝም።

ድንበሩ ላይ ስትደርስ ግን ይሄም ይዳከማል። ቡሲያ ላይ ሰዉ በእግሩ እየተሻገረ ይገበያያል፣ የሁለቱም አገር ሞተሮች አንድ አካባቢ ይቆማሉ። ከኬላው የአምስት ደቂቃ መንገድ ርቀት ውስጥ ለተነሳ ፎቶ እኔ የማምነው ግድግዳና ታፔላ ላይ የተጻፈውን አድራሻ ብቻ ነው።

ሲራሪ በተቃራኒው ቀላል ነበር። በታንዛኒያ በኩል ሲራሪ፣ በኬንያ በኩል ኢሴባኒያ፣ ስማቸው ራሱ ይለያያል። ኬላውን እንዳለፍኩ ዱካ ላ ዳዋ ቀርቶ ኬሚስት መጣ፣ ቀዩ ኤምፔሳ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ።

ያልለየኋቸው ፎቶዎች አሁንም አሉ። ሙዝ ብቻ፣ መንገድ ብቻ፣ ውኃና ሰማይ ብቻ የሚታይባቸው። እነዚህን «ቪክቶሪያ ሐይቅ» በሚል ፎልደር ውስጥ አስገባኋቸው፣ የአገር ስም አልጻፍኩባቸውም።