«ለስኳር ፍቱን» ያለው ማን ነው?

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የፀጉር ቅባትና የፊት ሳሙና በኢንተርኔት የምትሸጥ ትንሽ ሱቅ አለች። አንድ ቀን ጠዋት ስልክ ተደወለና ትዕዛዝ የሚቀበለው ወጣት አነሳ። ደዋይዋ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው።

«ልጄ፣ ዘይታችሁን ከጀመርኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። እንግዲህ ያንን የሐኪሙን ክኒን፣ ሜትፎርሚኑን፣ ልተወው ወይ?»

«እማማ፣ ተዉት ያለዎት ማነው?»

«እናንተው! ‹ለስኳር ፍቱን› ብላችሁ ጽፋችሁ የለም እንዴ?»

ወጣቱ ደንግጦ ድረ ገጹን ከፈተ። በእንግሊዝኛ የተጻፈው የዘይቱ መግለጫ ንጹሕ ነበር፤ ሳይሞቅ የተጨመቀ፣ 240 ሚሊ ሊትር፣ በጥቁር ጠርሙስ የታሸገ ይላል። ከሥሩ «ይህ ምርት በሽታን ለመለየት፣ ለማከም፣ ለመፈወስ ወይም ለመከላከል የታሰበ አይደለም» የሚለው የተለመደ ማሳሰቢያም ሰፍሯል። እናትየው ያነበቡት ግን ይህን አይደለም። እሳቸው ያነበቡት የሱቁን የቴሌግራም ገጽ ነው፤ እዚያ ደግሞ ዘይቱ ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለጨጓራና ለሪህ «ፍቱን» ነው። እንግሊዝኛውን ባለሙያ አይቶት ነበር፤ አማርኛውን «የእኛው ሰው ብቻ ነው የሚያነበው» ተብሎ የሚያየው አልነበረም።

የሱቁ ባለቤት የመጀመሪያ መልስ ብዙ ሻጮች የሚሉት ነው፤ «ውሸት አልጻፍንም፤ ጥናትም አለ።» ነገሩ የሚሳተው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ሕግ የመጀመሪያው ጥያቄ አባባሉ እውነት ነው አይደለም የሚል አይደለም። በ1938 የወጣው የፌዴራል የምግብ፣ የመድኃኒትና የመዋቢያ ሕግ አንድን ነገር መድኃኒት የሚያደርገው ለምን እንዲውል ታስቦ እንደሚሸጥ በማየት ነው። በሽታን ይፈውሳል፣ ያክማል፣ ያስታግሳል ወይም ይከላከላል ተብሎ ከተሸጠ ዘይቱ ዘይት መሆኑ ይቀርና መድኃኒት ይሆናል። ያውም ያልተፈቀደ አዲስ መድኃኒት ነው፤ ማንም ፈቃድ አልጠየቀበትምና። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ምንም ሳይለወጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሕጋዊ ማንነቱን ይለውጠዋል።

ማሳሰቢያውም አያድንም። የመድኃኒትና የምግብ ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ሰነዱን ሲመረምር «ስኳርን ይፈውሳል» ከሚል ጽሑፍ ሥር «በሽታን ለመፈወስ የታሰበ አይደለም» የሚል መስመር ቢያገኝ፣ የታችኛው የላይኛውን አይሰርዘውም። ማሳሰቢያው በ1994 የወጣው የምግብ ማሟያ ሕግ ለሚፈቅዳቸው አባባሎች ማጀቢያ እንጂ ለተከለከሉት መሸፈኛ አይደለም። የሚፈቀዱት ስለ ሰውነት አሠራር የሚናገሩት ናቸው። «ከፍ ያለ ኮሌስትሮልን ይቀንሳል» ክልክል ነው፤ «በጤናማ መጠን ላይ ያለ ኮሌስትሮል እዚያው እንዲቆይ ያግዛል» የሚለው ግን ይፈቀዳል። የመጀመሪያው የሚናገረው ለታመመ ሰው ነው፣ ሁለተኛው ግን ለጤነኛ።

የተፈቀደውም ቢሆን በነጻ አይገኝም። ሻጩ አባባሉን የሚደግፍ ማስረጃ ቀድሞ በእጁ መያዝ አለበት። ምርቱ በዚያ አባባል ገበያ ላይ በወጣ በ30 ቀን ውስጥ ለኤፍዲኤ ያሳውቃል፤ ማሳሰቢያውም በደማቅ ፊደል በዕቃው ላይ ይታተማል። ባለቤቱ ያመጣው «ጥናት» ሲታይ አንዱ በአይጥ ላይ የተሠራ ነበር፤ ሌላው ሰዎች ላይ ቢሠራም የተጠቀመው ዘይቱን ሳይሆን የተፈጨውን ፍሬ በካፕሱል ነው። ከዚህ ተነሥቶ ስለዚህ ጠርሙስ መናገር አይቻልም። ጭራሽ የጥናቱ ርዕስ በሽታውን ስለሚጠራ፣ ከሽያጩ ጎን መለጠፉ ራሱ የፈውስ ቃል ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ሱቁ ቀላሉን መንገድ መረጠ፤ ስለ ስኳር በተፈቀደው አነጋገርም ቢሆን ምንም ላለማለት።

ከዚያ ጽሑፉን ማጽዳት ተጀመረ። መጀመሪያ የተደረገው ጥሩ ነገር አንድም ሳይሰረዝ ሁሉንም በአንድ ሰንጠረዥ መገልበጥ ነው፤ በአንድ ዓምድ አባባሉ፣ በሁለተኛው የሚገኝበት ቦታ፣ በሦስተኛው ምትኩ። ይህ ካልተደረገ አንዱ ጋ ሲጠፋ ሌላው ጋ ይቀራል። በአማርኛው ላይ አራት ቃላት ተፈለጉ፤ «ፍቱን»፣ «ይፈውሳል»፣ «ያድናል» እና «መድኃኒት»። አምስተኛዋ ግን በመፈለጊያ አትያዝም፤ «ለ» ናት። እንግሊዝኛውን ብቻ የሚያይ ሰው ያመልጠዋል እንጂ፣ «ለጨጓራ»፣ «ለሪህ»፣ «ለአስም» ማለት ያለ ምንም ግሥ ሙሉ የፈውስ ቃል ነው። በቴሌግራሙ ላይ ከተገኘው ችግር ግማሽ ያህሉ ግሥ የሌለው ነበር።

ዘይቱ ላይ የነበረው «ለስኳር ፍቱን፣ በየቀኑ አንድ ማንኪያ» የሚለው ወጥቶ እንዲህ ተተካ፦ «ሳይሞቅ የተጨመቀ የጥቁር አዝሙድ ዘይት። ጠንከር ያለ፣ ትንሽ የሚመር ጣዕም አለው። ከተከፈተ በኋላ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ያስቀምጡ። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።» ገዢ ይቀንሳል የሚል ስጋት ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ጣዕሙንና አቀማመጡን የሚናገር መግለጫ ከ«ፍቱን» የበለጠ ለገዢው ይነግረዋል።

የፀጉር ቅባቱ ከዘይቱ የባሰ ነበር፤ የባለቤቱም ሙግት እዚያ ላይ በረታ። መግለጫው «ፀጉር ያበቅላል፣ መርገፍ ያቆማል፣ ፎረፎር ያጠፋል» ይላል። «ይሄ የቁንጅና ዕቃ እኮ ነው፤ በሽታ የት አለ?» አለ ባለቤቱ። መዋቢያ ማለት ግን የሚያጸዳ፣ የሚያስውብ፣ መልክን የሚለውጥ ነው፤ የሰውነትን አሠራር እለውጣለሁ ካለ መድኃኒት ነው። ፀጉር ማብቀል ደግሞ አሠራርን መለወጥ ነው። ኤፍዲኤ በ1989 ባወጣው ደንብ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጥ ማንኛውም «ፀጉር አብቃይ» ወይም «መርገፍ ከልካይ» ቅባት ያለ ፈቃድ ሊሸጥ የማይችል አዲስ መድኃኒት መሆኑን ደንግጓል። ፀጉር ለማብቀል የሚሸጠው መድኃኒት ሚኖክሲዲል ገበያ ላይ የዋለው ይህን የፈቃድ መንገድ አልፎ ነው።

ፎረፎርም እንዲሁ ነው። ፎረፎርን እቆጣጠራለሁ የሚል ምርት ከተፈቀዱት ንጥረ ነገሮች አንዱን፣ ለምሳሌ ዚንክ ፒሪቲዮንን ወይም ሳሊሲሊክ አሲድን፣ በተወሰነው መጠን ይዞ የመድኃኒት መለያ ያስፈልገዋል። ቅባቱ ውስጥ የነበረው የሺአ ቅቤ፣ የጉሎ ዘይትና ጥቂት ጥቁር አዝሙድ ነው። በእነዚህ ፎረፎር ማለት አይቻልም። ከሳሙናው «ብጉር» እና «ማድያት»፣ ከቅባቱ «ጭርት» እና «ቋቁቻ» በዚሁ ምክንያት ወጡ፤ ሁሉም የበሽታ ወይም የቆዳ ችግር ስሞች ናቸው።

ታዲያ ምን ይባል? የሚታየውና የሚዳሰሰው። «ደረቅ ፀጉርን ያለሰልሳል»፣ «ሲበጠር የሚሰበረውን ፀጉር ይቀንሳል»፣ «ፀጉር ሞላ ብሎ እንዲታይ ያደርጋል»። በ«ያበዛል» እና «በዝቶ እንዲታይ ያደርጋል» መካከል ያለው ልዩነት ቃል ማጣመም ሊመስል ይችላል። ግን አይደለም፤ አንዱ ስለ ፀጉሩ ሥር፣ ሌላው በመስተዋት ስለሚታየው ነው የሚናገረው። መሰበርና መርገፍም እንደዚያው ይለያያሉ። መሰበር የፀጉሩ ዘንግ ነገር ስለሆነ ቅባት ሊነካው ይችላል፤ መርገፍ ግን ከሥሩ ነው።

ጽሑፉ ከተስተካከለ በኋላ ሁሉም ነገር አለቀ ተብሎ ነበር። የቀረው ግን ጽሑፍ በማይመስለው ቦታ ነው። ከምርቶቹ አንዱ ስሙ ራሱ «ስኳር ፈዋሽ» ነበር፤ መግለጫው ምንም ቢጸዳ ስሙ ሁሉንም ይናገራል። የዘይቱ ፎቶ ጠርሙሱን ከስኳር መለኪያ መሣሪያ አጠገብ ያሳያል። #ለደምግፊት የሚል መለያ በድሮ ልጥፎች ላይ አለ። ከድረ ገጹ ጀርባም ፈላጊ እንዲያገኘው ተብሎ የበሽታ ስም የተደረደረበት ቦታ ተገኘ። ገዢው ባያየውም ተቆጣጣሪው ያየዋል።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረው የደንበኞች አስተያየት ነው። «ሪሄ ለቀቀኝ፣ እግዜር ይስጣችሁ» ብላ የጻፈችው ደንበኛ ናት፤ ሱቁ አይደለም። ሱቁ ግን ያንን አስተያየት ከገጹ አናት ላይ ሰክቶ ልብ ሰጥቶታል። ሻጭ መርጦ ያጎላው፣ የወደደው ወይም እንደገና የለጠፈው ምስክርነት የሻጩ ቃል ሆኖ ይታያል፤ ኤፍዲኤ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎቹ እንዲህ ያለውን ጠቅሷል። አስተያየቱ ከአናት ወረደ፣ ልቡ ተነሣ፣ ምላሽም ተጻፈላት፦ «እናመሰግናለን፤ ምርታችን ግን በሽታን ለማከም የታሰበ አይደለም።» የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ቢመጣ ኖሮ እርማቱን በጽሑፍ ለማስረዳት የሚሰጠው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 15 የሥራ ቀን ነው፤ ደብዳቤውም ለሕዝብ ይለጠፋል።

በመለያ ወረቀቱ ላይም አንድ ያልተጠበቀ ነገር ወጣ። ጠርሙሱ ላይ «የሀገር ቤት ጥቁር አዝሙድ» የሚል የአማርኛ መስመር ነበረ፤ ለውበት የተጨመረ። በአሜሪካ ደንብ መለያው ላይ በሌላ ቋንቋ መልእክት ከተጻፈ፣ ሕጉ የሚያስገድዳቸው መረጃዎችም በዚያው ቋንቋ መጻፍ አለባቸው። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነበር፤ ሁሉንም በአማርኛም ማተም ወይም መስመሩን ማንሣት። ገዢዎቹ አማርኛ አንባቢ ስለሆኑ ሱቁ ሁሉንም ማተምን መረጠ፤ ወጪ ቢጨምርም ማሳሰቢያው ለመጀመሪያ ጊዜ እናትየው ሊያነቡት በሚችሉት ቋንቋ ጠርሙሱ ላይ ወጣ።

የስልኩ ጉዳይ መጨረሻ ላይ መጣ። አንድ ዕቃ ለምን እንዲውል እንደታሰበ የሚታወቀው ከጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ሻጩ በአፉ ከሚናገረውም ነው። «ለስኳር ይሆናል?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎ፣ ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል» ማለት ከቴሌግራሙ ልጥፍ አይለይም። ከስልኩ አጠገብ አጭር ወረቀት ተለጠፈ፦ «እማማ፣ አባባ፣ ይህ መድኃኒት አይደለም። ሐኪምዎ ያዘዘልዎትን አያቋርጡ፤ ዘይቱን እየወሰዱ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ።» ለእናትየው ያን ዕለት የተነገራቸው ይህ ነው። ክኒኑን ገና አላቆሙም ነበር።

ከሳምንታት በኋላ የአንድ ድሮ ቪዲዮ አገናኝ ከአንድ ደንበኛ መጣ። ባለቤቱ ራሱ ጠርሙሱን ይዞ ለአራት ደቂቃ ስለ ስኳር፣ ግፊትና ጨጓራ ያወራል። ተቆርጦ ሲስተካከል የተረፈው 20 ሰከንድ ነበር፤ ክዳኑ እንዴት እንደሚከፈት የሚያሳየው ክፍል።